የቱቦው ደብዳቤ፦ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ?

ጸሐፊ፦ ጎረቤቶቼ፣ ግንቦት 5 ለወረዳው የምናስገባው ደብዳቤ ረቂቅ ይኸው። «በግቢያችን በር የሚያልፈው የጎርፍ ቱቦ በደለል ስለተሞላ፣ የሚመለከተው አካል በአስቸኳይ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድልን እንጠይቃለን።» አስተያየት ስጡበት።

ብሎክ 7፦ ጥሩ ነው። «በአስቸኳይ» የሚለውን ብቻ ደመቅ አድርጊው። ለወረዳውም፣ ለክፍለ ከተማውም፣ ለመንገዶችም አንድ ላይ ይጻፍ። ከሦስቱ አንዱ መሥራቱ አይቀርም።

ጋሼ፣ ብሎክ 3፦ ልጄ፣ እኔ ጡረታ እስክወጣ መዝገብ ቤት ነው የሠራሁት። ለሦስት ቢሮ እኩል የተጻፈ ደብዳቤ ሦስቱም ጋ ፋይል ውስጥ ይገባል፤ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። «ለ» ከሚለው ቀጥሎ አንድ ቢሮ ብቻ ይጻፍ፣ የቀሩት ግልባጭ ይድረሳቸው። «የሚመለከተው አካል» ይውጣ። እሱን አንብቦ «እኔን ነው» የሚል ሰው አላየሁም። «በአስቸኳይ»ም ቀን አይደለም። አለፈ ብለን የምንጠይቀው ቀን ሲኖር ነው።

ብሎክ 11፦ እኛ ጋ ውኃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። እሱም ይግባበት እንጂ!

ጸሐፊ፦ ገብቶኛል እህቴ። ግን እሱ ሌላ ቢሮ ነው፣ ሌላ ደብዳቤ እንጽፍለታለን።

ብሎክ 7፦ እሺ፣ «ወረዳው እስከ ሰኔ 30 ቱቦውን ያስጠርግ» ይባል። የበጀት ዓመቱም ያኔ ነው የሚያልቀው።

ጋሼ፣ ብሎክ 3፦ በጀቱ ላይ ልክ ነህ። ሰኔ 30 ግን ዝናቡ ገብቷል፣ ቢሮውም ሒሳብ መዝጋት ላይ ነው። ደግሞ አምና የሆነውን አስታውሱ። ደለሉን እኛው በአካፋ አውጥተን ዳር ላይ ከመርነው። መኪና አልጠየቅንም ነበር። ሲዘንብ ሁሉም ተመልሶ ቱቦው ውስጥ ገባ። መጥረጉን እንችላለን። የሌለን መኪና ነው፤ እሱን እንጠይቅ። ቀኑም ከእኛ ሥራ ጋር ይያያዝ።

ጸሐፊ፦ ልክ ነዎት ጋሼ። እንዲህ አስተካክየዋለሁ። «ነዋሪዎች ከዋናው በር እስከ ዳቦ ቤቱ ያለውን 60 ሜትር ቱቦ ግንቦት 24 ይጠርጋሉ። የወረዳው ጽዳት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የሚወጣውን ደለል ግንቦት 25 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በገልባጭ መኪና እንዲያነሳልን፣ መኪና መመደቡንም እስከ ግንቦት 18 እንዲያሳውቀን እንጠይቃለን።» መኪናው ካልተመደበ አካፋ አናነሳም። የብሎክ ተጠሪዎች ደግሞ የ4 ሰው ስም እስከ ግንቦት 15 ስጡኝ።

ብሎክ 9፣ ከዱባይ፦ ለመኪናው ነዳጅ ካስፈለገ አዋጣለሁ። ግንቦት 24 ማለት ሜይ 24 ነው?

ጸሐፊ፦ አይደለም ወንድሜ፣ ጁን 1 ነው። ውጭ ላላችሁት በሁለቱም አቆጣጠር እጽፍላችኋለሁ።

ብሎክ 11፦ 18 መልስ ሳይመጣ ቢያልፍስ?

ጋሼ፣ ብሎክ 3፦ ስናስገባ የገቢ ቁጥሩን ቅጂው ላይ እናስጽፍ። በ19 ጠዋት አንድ ሰው ያንን ቅጂ ይዞ ይሂድ። ቁጥር የሌለው ሰው «አልደረሰንም» ይባላል።

ብሎክ 7፦ እኔ በዚያ ቀን ሥራ ላይ ነኝ።

ጸሐፊ፦ የ19ኙ ሰው ስም ገና ባዶ ነው። እስከ ነገ ማታ 2 ሰዓት እጠብቃለሁ።