ላይቩ ተዘጋ፣ አካውንቱ ግን አለ፦ ተገቢ ነው?

ሰናይት፦ ሰው ተጠራርቶ ሪፖርት ስላደረገ ብቻ ፌስቡክ የአንድን ሰው ላይቭ ለ30 ቀን መዝጋቱ ልክ ነው? ይሄስ ከአካውንት መታገድ በምን ይለያል?

ዮናስ፦ በጭራሽ ልክ አይደለም። መቶ ሰው ተጠራርቶ ሪፖርት ካደረገ የማንም ላይቭ ይዘጋል። ተቃዋሚህን ዝም ለማሰኘት ቀላሉ መንገድ ሆኗል።

ትዕግስት፦ ዮናስ፣ ሪፖርቱን ቆጥሮ የሚዘጋ የለም። ሜታ ራሱ የሪፖርቱ ብዛት ውሳኔውን እንደማይቀይር ይናገራል። ሪፖርት ቪዲዮውን ለግምገማ ያቀርባል፣ የሚያስቀጣው የተጣሰው ሕግ ነው። ስጋትህ እውነት የሚሆነው ገምጋሚው ሲሳሳት ነው፤ አማርኛውን ከነአውዱ ካልተረዳው ደግሞ ይሳሳታል።

ላይቭ ላይ የሚጠነክሩት ለምን መሰለህ? እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2019 በክራይስትቸርች፣ ኒውዚላንድ፣ መስጊድ ውስጥ የተፈጸመው ግድያ ለ17 ደቂቃ በቀጥታ ተላለፈ። የመጀመሪያው ሪፖርት የደረሰው ስርጭቱ ካለቀ 12 ደቂቃ በኋላ ነው። የተለጠፈ ጽሑፍ ዘግይቶም ቢሆን ይነሣል፣ ላይቭ ግን ሪፖርቱ እስኪደርስ አልቋል። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ከባድ ሕግ አንዴ የጣሰ ሰው ላይቭ እንዳይከፍት፣ ለምሳሌ ለ30 ቀን፣ መከልከል ጀመሩ። ይህ ሰው ገብቶ ማንበብ ይችላል፣ ገጹም ለሰው ይታያል። ሲታገድ ግን ገጹ ከሌሎች ይሰወራል፤ ይግባኝ ለማለት 180 ቀን አለው፣ ካለፈው ለዘለቄታው ይዘጋል።

ዳዊት፦ የሱቅ ቴሌግራም ለአዲስ ደንበኛ መልእክት አልልክ ካለስ? ታግዷል አይደል?

ትዕግስት፦ አልታገደም፣ ተገድቧል። ስልክ ቁጥሩን ላልያዘ ሰው መጀመሪያ መጻፍ አይችልም፤ ቀድሞ ለጻፈለት ደንበኛ ግን ይመልሳል። @SpamBot ጋ ገብቶ /start ቢል ገደቡ መኖሩንና የሚያበቃበትን ቀን ይነግረዋል። ብዙ ጊዜ መነሻው ለማያውቁት ሰው ማስታወቂያ መላክ ነው፤ ተቀባዩ ስፓም ብሎ ይጠቁማል። ገደቡ ሳያልቅ ያንኑ ከደገመው ቀጣዩ ይረዝማል።

ሐና፦ አንድ ነገር ልጨምር። ፌስቡክ ላይ የላይቭ ቁልፍ ሲጠፋ ሁሉ ቅጣት አይደለም። አካውንቱ 60 ቀን ካልሞላው ወይም ተከታዩ ከ100 በታች ከሆነ ላይቭ ከመጀመሪያውም አይፈቀድለትም። እዚያ ላይ ይግባኝ ቢጽፍ ምን ያገኛል? መጀመሪያ ይህን አጣሩ፤ ቅጣት ከሆነ የተነሣው ቪዲዮና ምክንያቱ በማሳወቂያው ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ዮናስ፦ በላይቭ ዕቃ ለሚሸጥ ሰው ግን 30 ቀን ገቢ መቋረጡ ከመታገድ በምን ይሻላል? ይግባኙ እስኪታይ ላይቩ ይከፈትለት።

ትዕግስት፦ ለንግድ ስርጭት እስማማለሁ። ግድያ ላሳየ ግን እስኪታይ ክፍት ይሁን ማለት አልችልም፤ ሁለቱን ማን በፍጥነት ይለያቸው?

ዮናስ፦ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ይቅጠሩ እንጂ! እዚያ ጥያቄ ላይ አለሁ።