የውክልና ደብዳቤውን እንዴት ላስተካክለው?

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ በአንድ ድርጅት ጸሐፊ ነኝ። ሥራ አስኪያጃችን ከጥር 4 እስከ 23 የዓመት ፈቃድ ወጥተዋል። ለምክትላቸው ያዘጋጀሁት ውክልና «ተክተው እንዲሠሩ» ብቻ ይላል። ለደብዳቤ በቂ ነበር፤ ምክትሉ ከሥራ አስኪያጁ ማዕረግ በፊት «ለ» ጽፈው ይፈርማሉ። ቼኩ ግን ከባንክ ተመለሰ። የምክትሉ የፊርማ ናሙና እዚያ የለም፤ ደብዳቤውም ክፍያን አይጠቅስም፣ ማብቂያ ቀንም የለውም። የቀን ሠራተኞቹ ለጥምቀት ገንዘቡን ይጠብቃሉ፤ ጭንቅ ይዞኛል።

ሥራ አስኪያጁን ነገ፣ ገጠር ሳይሄዱ፣ አንዴ ብቻ አገኛቸዋለሁ። «እስከ ጥር 23 ቼክና የክፍያ ሰነድ እንዲፈርሙ፤ ቅጥርና ውል አይጨምርም» ብዬ፣ የናሙና ፊርማውን አያይዤ ብጽፍ ይበቃል? የፊተኛው ደብዳቤ መሻሩንስ ልጥቀስ? ቀድመው ቢመለሱ ውክልናው በራሱ እንዲያበቃ ምን ብዬ ልጻፍ? እባካችሁ፣ የሠራችሁበት ካላችሁ ዛሬውኑ ንገሩኝ።