«ሲንስ» ሲሰጠኝ ዓረፍተ ነገሩን እንዴት ልለውጠው?

ጎንደር የምኖር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስሆን፣ በእንግሊዝኛ ትምህርት በተሰጠ ቃል ዓረፍተ ነገርን ትርጉሙን ሳይለቁ መልሶ መጻፍ ስለከበደኝ እንድታስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የተሰጠን «አይ ላስት ሶው ማይ አንት ስሪ ይርስ አጎ» የሚል ነው፤ አክስቴን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ከሦስት ዓመት በፊት ነው ማለት ነው። በ«ፎር» ለውጡ ስንባል «አይ ሃቭ ሲን ማይ አንት ፎር ስሪ ይርስ» ብዬ ጻፍኩ፤ መምህራችን ግን «ሃቭ» የሚለውን «ሃቭንት» አድርገው አረሙልኝ። አዎንታዊው ዓረፍተ ነገር አሉታዊ መሆኑ ግር ቢለኝም፣ በአማርኛ «አክስቴን ካየኋት ሦስት ዓመት ሆነኝ» የሚል ሰው በዚያ ሁሉ ጊዜ አላያትም ማለት እንደሆነ ሳስብ ነገሩ ገባኝ።

ያልገባኝ በ«ሲንስ» የሚለወጠው ነው። አሁን አሉታዊ ማድረግን ለምጄ «ኢት ኢዝ ስሪ ይርስ ሲንስ አይ ሃቭንት ሲን ማይ አንት» ብዬ ብጽፍ፣ ትክክለኛው «ኢት ኢዝ ስሪ ይርስ ሲንስ አይ ላስት ሶው ማይ አንት» ነው ተባልኩ፤ ግሱ ወደ ተራው ኀላፊ ጊዜ ተመለሰ ማለት ነው። በሌላ ጥያቄ ግን «አይ ሃቭንት ሲን ሄር ሲንስ ሰፕቴምበር» የሚለው መልስ ሙሉ ነጥብ አግኝቷል።

አሉታዊው ግስ ከ«ሲንስ» በፊት ሲመጣ ትክክል፣ ከእሱ በኋላ ሲመጣ ስሕተት የሚሆነው ከ«ሲንስ» ቀጥሎ የሚመጣው ድርጊቱ የተፈጸመበትን ቅጽበት ብቻ ስለሚያመለክት ይሆን? ግምቴ ትክክል ከሆነ፣ «አጎ» ያለበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በዚሁ መንገድ መለወጥ እችላለሁ?