ኢንሹራንሴ በተቋረጠ በ3ኛው ቀን አክሲደንት ገጠመኝ

ሰላም ወገኖች፣ ቨርጂንያ ነው የምኖረው። የመኪና ኢንሹራንሴ በየወሩ በ3 ከካርዴ ላይ አውቶማቲክ ይቆረጥ ነበር፣ ባንኩ አዲስ ካርድ ሲልክልኝ አፑ ላይ መቀየሩን ረሳሁትና የማርች ክፍያ ሳያልፍ ቀረ። ማርች 24 ማታ ከስራ ስመለስ ቀይ መብራት ላይ ከፊቴ የቆመች መኪና ከኋላ ገጨሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሰው አልተጎዳም፣ የሷ ባምፐር ግን ግማሹ መሬት ላይ ተንጠልጥሏል።

ክሌም ልከፍት ስደውል ፖሊሲህ ማርች 21 ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ጀምሮ ተሰርዟል አሉኝ። ማስጠንቀቂያውን በፖስታ ማርች 5 ልከናል፣ እስከ 21 ብትከፍል ኖሮ ሽፋንህ አይቋረጥም ነበር ነው የሚሉት። ደብዳቤው ግን የሄደው ወደ ድሮው አፓርታማዬ ነው፣ እኔ ደግሞ አድራሻዬን ጃንዋሪ ላይ አፑ ውስጥ ቀይሬ የማረጋገጫ ኢሜይሉ እጄ ላይ አለ።

በማግስቱ ያለብኝን ልክፈል ስል ኤጀንቱ በመሀል ምንም አደጋ አልደረሰም የሚል ወረቀት ፈርም፣ ፖሊሲው ይመለሳል አለኝ። ውሸት ስለሆነ አልፈረምኩም፣ አደጋውን ደብቄ ብፈርም ማጭበርበር ሆኖ ሌላ ጣጣ ነው የሚያመጣብኝ። አሁን ክሌሙን ውድቅ አድርገውታል፣ የልጅቷ ኢንሹራንስም ለጥገናው 4,300 ዶላር ከኔ እየጠየቀ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ወይ ስራው ላይ ያላችሁ፣ አዲሱን አድራሻዬን እያወቁ ማስጠንቀቂያውን ወደ ድሮው ከላኩት ስረዛው ይጸናል ወይ?