ጣቴ ጠዋት መዳፌ ውስጥ ተቆልፎ አገኘዋለሁ

ዓይነት 2 ስኳር ካለብኝ 11 ዓመት ሆኖኛል። የሦስት ወር አማካዩ 8.4 ነው። ከአምስት ወር ወዲህ ጠዋት ስነቃ የቀኝ እጄ የቀለበት ጣት መዳፌ ውስጥ ታጥፎ ይጠብቀኛል። በሌላው እጄ ካልሳብኩት አይዘረጋም። ሲለቅ ቀጭ ይላል፣ ያማል። ከጣቱ ሥር፣ መዳፌ ላይ፣ ስጫነው የሚያም ትንሽ እብጠት አለ። ሐኪሙ ጅማቱ የሚያልፍበት ቦታ ወፍሮ እየያዘው ነው፤ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይበዛል አለኝ።

ስድስት ሳምንት ማታ ማታ ጣቴን በድጋፍ አስሬ ተኛሁ፤ ምንም ለውጥ የለም። ከዚያ የስቴሮይድ መርፌ ተወጋሁ። ጣቴ ሁለት ወር ተፈታልኝ። ስኳሬ ግን ጉድ ሠራኝ፦ ጠዋት 160 አካባቢ የነበረው ለአራት ቀን እስከ 290 ወጣ። አሁን ጣቴ እንደገና ተቆልፏል፣ የመሃሉም ጀምሯል።

ስኳር ኖሮባችሁ በዚህ ያለፋችሁ፣ ሁለተኛው መርፌ ሠራላችሁ ወይስ በቀጥታ ወደ ቀዶ ጥገና ብሄድ ይሻለኛል?