ኪሎው እጥፍ ሲሆን ሰዓቱም እጥፍ ይሁን?

ጠያቂዋ፦ 2 ኪሎ የበሬ ሥጋ በ180 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ በ90 ደቂቃ ልክ እንደምወደው ይወጣልኛል። አሁን እንግዳ ስለበዛ 4 ኪሎ ልጠብስ ነው። ሰዓቱን እጥፍ ላድርገው? የምግብ መጻሕፍቱ «በኪሎ ይህን ያህል ደቂቃ» ይላሉ። ይታመናል?

የወጥ ቤት ኃላፊው፦ አዎ፣ እጥፍ አድርጊው። በኪሎ 45 ደቂቃ መሆኑ ነው። እጥፍ ሥጋ እጥፍ ሙቀት ይፈልጋል። ስንት ዓመት በዚህ ሠርቻለሁ።

የፊዚክስ መምህሯ፦ እጥፍ ሙቀት መፈለጉ ልክ ነው። ግን ትልቁ ሥጋ ሙቀት የሚቀበልበት ገጽም ይሰፋል። ዋናው ነገር ሙቀቱ ከውጭ ተነስቶ መሃል እስኪደርስ የሚሄደው መንገድ ነው፤ ማለትም ውፍረቱ። ውፍረቱ እጥፍ ከሆነ ሰዓቱ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል።

ታዲያ ኪሎው እጥፍ ሲሆን ውፍረቱ እጥፍ አይሆንም። ቅርጹ ካልተለወጠ ርዝመቱም ስፋቱም ውፍረቱም እያንዳንዳቸው በ1.26 ብቻ ያድጋሉ። 1.26 በራሱ ሲባዛ 1.59 ይሆናል። 90 ደቂቃን በ1.59 አባዢው፤ 143 ደቂቃ ነው። 3 ሰዓት ሙሉ ካቆየሽው ከ35 ደቂቃ በላይ ያለፈበት ደረቅ ሥጋ ታወጫለሽ።

ጠያቂዋ፦ የኔ 4 ኪሎ ግን የወፈረ አይደለም። ውፍረቱ እንደ በፊቱ ነው፣ ርዝመቱ ብቻ ነው እጥፍ የሆነው።

የፊዚክስ መምህሯ፦ እንግዲያው መልሱ ሌላ ነው። ሙቀቱ በብዛት የሚገባው ከዙሪያው ስለሆነ ርዝመቱ ብዙ ለውጥ አያመጣም። ከ90 ደቂቃ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ከ80ኛው ደቂቃ ጀምረሽ መሃሉን በቴርሞሜትር እዪ።

ዶሮ ጠባሹ፦ እኔ ግን ሁለት ዶሮ አንድ ላይ ሳስገባ ሁሌ ይዘገይብኛል። ስለዚህ ጠቅላላው ኪሎ የሚቆጠር ይመስለኛል።

የፊዚክስ መምህሯ፦ የተጠየቀው ስለ አንድ ቁራጭ ነው። ያንተ ሁለት ዶሮዎች ግን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይበስላሉ። የሚዘገዩት ቀዝቃዛ ሥጋ ሲበዛ ኦቨኑ ሙቀቱን ለመመለስ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ተጠጋግተው ከተቀመጡም ሙቅ አየሩ በመሃላቸው ስለማያልፍ ነው። አራርቃቸው፣ ኦቨኑንም ቀድመህ በደንብ አሙቀው።

የወጥ ቤት ኃላፊው፦ ስሌቱ ያምራል። ግን ሰው ቤት ሚዛን እንጂ ማስመሪያ ይዞ ሥጋ የሚለካ የለም። የኔ 45 ደቂቃ 2 ኪሎ ተኩል ላይም ሠርቶልኛል።

የፊዚክስ መምህሯ፦ እዚያ ይሠራል፣ ልዩነቱ ጠባብ ስለሆነ። 2 ኪሎ ተኩል በአንተ 112 ደቂቃ ነው፣ በእኔ 104። ያን ማንም አይለየውም። ነገር ግን ወደ 1 ኪሎ ውረድ። በአንተ ስሌት 45 ደቂቃ ነው፣ በእኔ ግን 57። የኪሎ ሕግ ትልቁን ያደርቃል፣ ትንሹን ደግሞ ጥሬ ያስቀራል። ለኔ የሚያሳስበው ሁለተኛው ነው፤ በተለይ ዶሮ ሲሆን፣ መሃሉ 74 ዲግሪ መድረስ ስላለበት።

ዳቦ ጋጋሪዋ፦ ዳቦ ላይ ግን ይህ ስሌት ብቻውን አይበቃም። ግማሽ ኪሎ ዳቦ በ220 ዲግሪ 30 ደቂቃ ይበቃዋል እንበል። 1 ኪሎውን በስሌቱ 48 ደቂቃ በዚያው ሙቀት ብተወው መሃሉ ሳይሆን ቅርፊቱ ይቀድማል፤ ያርራል። ስለዚህ ትልቅ ዳቦ ሲሆን ሙቀቱን ወደ 200 ዝቅ አደርጋለሁ። ያኔ ሰዓቱ ከስሌቱም ይረዝማል። መብሰሉን የማውቀው መሃሉ 95 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ጠፍጣፋ ዳቦ ከሆነ ደግሞ ኪሎው ምንም አይነግረኝም። ውፍረቱን አይቼ ነው የምፈርደው።

የወጥ ቤት ኃላፊው፦ ያ ለትልቅ ሥጋም ይሠራል። 4 ኪሎ ስጠብስ ሙቀቱን ቀንሼ ነው። ካወጣሁትም በኋላ መሃሉ መሞቁን አያቆምም፤ ትልቁ ከትንሹ ይበልጥ ይጨምራል። ስለዚህ ከምፈልገው 5 ዲግሪ ያህል ሲቀረው አወጣዋለሁ።

የፊዚክስ መምህሯ፦ በዚህ እስማማለሁ። ግን መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ከኪሎው ጎን ውፍረቱን ቢጽፍ ምን ይጎዳዋል?

የወጥ ቤት ኃላፊው፦ አጥንት ያለበት፣ አንድ ጫፉ ቀጭን ሌላው ወፍራም የሆነ ሥጋ የት ላይ ይለካል? ለዚህ መልስ እስካላገኘሁ ድረስ ኪሎዬን አልተውም።

የፊዚክስ መምህሯ፦ የሚበዛው ወፍራሙ ቦታ ላይ። ቀጭኑ ጫፍ ቀድሞ ይበስላል፤ ያን የትኛውም ሕግ አያስቀረውም።

ጠያቂዋ፦ እኔ ቴርሞሜትሬን ወፍራሙ ቦታ ላይ ሰክቼ በ80ኛው ደቂቃ ማየት እጀምራለሁ። ሌላ ጊዜ የምገዛው ሥጋ ክብ ከሆነ ግን 143 ደቂቃውን እሞክራለሁ።