ለ500 የእንቁላል ዶሮ ብድር የስጋት ክፍል፦ የትኛው ይቅደም?

ጥያቄ፦ ቢሾፍቱ ላይ 500 የእንቁላል ዶሮ ለማርባት የብድር ማመልከቻ አስገብቼ ነበር። ባለሙያው «ስጋቶቹን ዘርዝረሃል እንጂ አላበላለጥካቸውም» ብሎ መለሰልኝ። የጻፍኳቸው ፈንግል፣ የጾም ገበያ፣ የመኖ ዋጋና የመብራት መቆራረጥ ናቸው። እንዴት ላስተካክለው?

አበበ፦ ለእያንዳንዱ የመከሰት ዕድሉንና የጉዳቱን መጠን ከ1 እስከ 5 ነጥብ ሰጥተው ያባዙ፤ ከፍተኛው ከላይ ይቀመጣል።

ሰናይት፦ መብራትን አንደኛ ያድርጉት። እኔ ባለፈው ክረምት መብራት ጠፍቶ ባደረበት አንድ ሌሊት ከ200 ጫጩት ከግማሽ በላይ አጥቻለሁ።

ጠያቂው፦ እኔ የማስገባው የ45 ቀን ቄብ ነው።

ዶ/ር መኮንን፦ እንግዲያው ላባ ያወጣ ቄብ የማሞቂያ ሙቀት ስለማይፈልግ፣ መብራት ለእርስዎ የማታ ብርሃን ጉዳይ ብቻ ሆኖ ከመጨረሻ ይሰለፋል። ማባዛቱ ጥሩ መነሻ ነው፤ ነገር ግን ጾም 5 በ2፣ ፈንግል 2 በ5 ቢሆኑ ሁለቱም 10 ይመጣሉ፣ አንዱ ገቢ ሲቀንስ ሌላው ግን ቤቱን ባዶ ያደርጋል። ስለዚህ ነጥቡ እኩል ሲሆን ጉዳቱ የከበደው ይቅደም። የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም እንዲያውም ቀኑ የታወቀ ስለሆነ ቦታው የገንዘብ ፍሰት ሠንጠረዡ ነው። ቄቡን ጥር መጀመሪያ ቢያስገቡ መጣል የሚጀምረው ሚያዝያ አጋማሽ ገደማ በመሆኑ የመጀመሪያውን ጾም አብዛኛውን ያመልጣሉ፤ የሚቀጥለውን ግን አያመልጡም።

ለፈንግል «ክትባት እንሰጣለን» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ከሻጩ ቀን የተጻፈበት የክትባት መዝገብ እንደሚቀበሉ፣ ማጠናከሪያውን ማን መቼ እንደሚሰጥና ክትባቱ በምን ቀዝቃዛ ዕቃ እንደሚመጣ ይግለጹ። በመጠጥ ውኃ ከሆነ የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ክትባቱን ይገድለዋል፤ ብዙ ሰው ከትቦ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ ምልክቱን ይጻፉ፦ የእንቁላል ቁጥር በድንገት ሲያሽቆለቁል፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ወይም የአንገት መጣመም ሲታይ፣ በዚያው ቀን ሽያጭና ጎብኚ ይቆማል፣ የእንስሳት ሐኪም ይጠራል። ይህን የሚወስነው ሰው ማን እንደሆነም ይጠቀስ።

አበበ፦ እኩል ነጥብ ላይ ልክ ነዎት። ለመኖ ግን የሦስት ወር አስቀድሞ መግዛት አይሻልም?

ዶ/ር መኮንን፦ አንድ ዶሮ በቀን 120 ግራም ቢበላ ለ500ው በወር 18 ኩንታል ነው። የሦስት ወሩ 54 ኩንታል በክረምት እርጥበት ከሻገተ፣ የዋጋ ስጋቱን በመርዝ ስጋት ለወጡት ማለት ነው። ከአንድ ወር የሚበልጥ አልመክርም።

ጠያቂው፦ የመኖ አቅራቢው በበኩሉ ከአንድ ወር በላይ ዋጋ ቆርጦ አይዋዋልም። ከመኖ ፊት ለፊት ምን እንደምጽፍ አሁንም አልታየኝም።

ሰናይት፦ እኔ «የመኖ ዋጋ በሩብ ቢጨምር ብድሩ ይከፈላል ወይ» ብዬ አስልቼ፣ ያረጁትን ዶሮዎች ቀድሞ መሸጥን እንደ ምላሽ ጽፌ ነበር። ባለሙያው ተቀበለው፤ የእርስዎ ግን ገና አዲስ ቄብ ስለሆነ በመጀመሪያው ዓመት የሚሸጥ ያረጀ ዶሮ አይኖርዎትም።